84 ወይስ 68? በአንድ ስኳር ፋብሪካ ቦይለር ላይ የተነሳ ክርክር

ደብዳቤው ተጽፎ አልቆ ነበር፤ የቀረው ማኅተም ብቻ ነው። አዲሱን ቦይለር ያቀረበው ድርጅት ብቃቱ፣ ማለትም ከነዳጁ ሙቀት ወደ እንፋሎቱ የሚገባው ድርሻ፣ 84 በመቶ ይሆናል ብሎ ፈርሟል፤ በእኛ ልኬት ግን 68 እንኳ አልሞላም። ስለዚህ ፋብሪካው የያዘውን የመጨረሻ ክፍያ አይለቅም፣ ካሳም ይጠይቃል ይላል ደብዳቤው። ከሥሩ የተያያዘውን የሁለት ገጽ ስሌት የሠራሁት እኔ ነኝ። ስሌቱ ውስጥ አንድም የቁጥር ስህተት አልነበረም። ደብዳቤው ግን ስህተት ነበር።

ፋብሪካው ሸንኮራ አገዳ ይፈጫል። ጭማቂው ከወጣ በኋላ የሚቀረው ገለባ፣ ባጋስ የምንለው፣ ወደ ቦይለር ይሄድና ይነድዳል። ከዚያ የሚገኘው እንፋሎት ተርባይኑን ያዞራል፣ ጭማቂውንም ያፈላል። ባጋስ ከወፍጮ ሲወጣ ደረቅ ይመስላል። በእጅ ሲጨብጡት ግን ይቀዘቅዛል፣ መዳፍንም ያረጥባል፤ ከክብደቱ ግማሹ ውሃ ነውና።

የርክክብ ፈተናው ስምንት ሰዓት ፈጀ። ቁጥሮቹን ለመከተል እንዲቀል አጠጋግቼ ላስቀምጣቸው። ቦይለሩ በሰዓት 22 ቶን ባጋስ እየበላ 50 ቶን እንፋሎት ይሰጣል። እንፋሎቱ በ30 ባርና በ400 ዲግሪ ይወጣል፤ የሚገባው ውሃ 105 ዲግሪ ነው። በእነዚህ ሁለት ነጥቦች መካከል እያንዳንዱ ኪሎ ውሃ ወደ 2,790 ኪሎጁል ሙቀት ይቀበላል። ስለዚህ ወደ እንፋሎቱ የገባው ሙቀት በሰዓት 139.5 ጊጋጁል ነው። እዚህ ድረስ ማንም አልተከራከረም።

ቀጥሎ የነዳጁ ተራ ነው። የእኛ ላብራቶሪ የደረቀ ባጋስ በኪሎ 18,700 ኪሎጁል ይሰጣል ብሏል። ግማሹ ውሃ ስለሆነ፣ እንዳለ ወደ ምድጃ የሚገባው ባጋስ በኪሎ 9,350 ይሰጣል ማለት ነው። ይህን በ22 ቶን ሳባዛው 205.7 ጊጋጁል ሆነ። 139.5ን ለ205.7 ሳካፍል 67.8 በመቶ አገኘሁ። ከ84 ጋር ሲተያይ የ16 ነጥብ ጉድለት ነው፤ ደብዳቤውም በዚሁ ተጻፈ።

ማኅተሙ ከማረፉ በፊት የአቅራቢው መሐንዲስ መጣ። ይቆጣል፣ ሚዛናችሁ ተዛብቷል ይላል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ወረቀቶቼን ገልብጦ፣ «ልኬታችሁን ተቀብያለሁ፤ የሠራሁትም በእናንተው ቁጥር ነው» አለ። ውጤቱ 84.6 በመቶ ነበር።

ከቁጣ ይልቅ ይህ አሳሰበኝ። ያን ዕለት ማታ የስምንቱን ሰዓት መዝገብ ዘርግቼ የእሱንና የእኔን ውጤት ሰዓት በሰዓት ጎን ለጎን ጻፍኩ። የእኔ አንዱ ሰዓት ላይ ዝቅ ሲል የእሱም ዝቅ ይላል፤ የእኔ ከፍ ሲል የእሱም ይከተላል። የእኔን ለእሱ ባካፈልኩ ቁጥር ግን መልሱ 0.80 ነው፤ ሁልጊዜ 0.80። የእርጥበቱ ናሙና ለስምንቱም ሰዓት፣ ለሁለታችንም አንድ ነበርና ምክንያቱ እሱ ሊሆን አይችልም። የቀበቶው ሚዛን ወይም የእንፋሎት ቆጣሪው ቢያጠፋማ የሁለታችንንም ቁጥር እኩል ያበላሽ ነበር እንጂ እኛን አይለያየንም። ልዩነቱ ሁልጊዜ በአንድ ቁጥር የሚባዛ ከሆነ፣ ሁለት ሰዎች አንዱን ነገር ለሁለት የተለያዩ ነገሮች እያካፈሉ ነው። እንፋሎቱን አንድ ቦታ ላይ እየለካን፣ አንድ ኪሎ ባጋስ ምን ያህል ሙቀት አለው የሚለው ላይ ግን አልተስማማንም ማለት ነው።

ቦምቡ ክዳን ላይ ያየሁት

በማግስቱ ላብራቶሪ ገባሁ። እዚያ ከእኔ በፊት ረጅም ዓመት የሠሩ ባለሙያ አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። «ጋሼ፣ አንዱን ናሙና እያየሁ ይሥሩልኝ» አልኳቸው። ሠርቼው አላውቅም ነበር፤ ቁጥሩን በወረቀት እየተቀበልኩ ነበር የምጠቀመው።

ባጋሱ በ105 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ እንደ ክኒን ተጠፍጥፏል። አንድ ግራም ያህል ነው። ጋሼ ትንሿ ሳህን ላይ አስቀምጠው ቀጭኗን ማቀጣጠያ ሽቦ አስነኩት። ቦምብ የሚባለው ወፍራም የብረት ዕቃ ታች ላይ አንድ ሚሊ ሊትር ውሃ ጠብ አደረጉ፣ ክዳኑን አጠበቁ፣ ኦክስጅን እስከ 30 ባር ሞሉበት፤ ከዚያ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ነከሩት። ቁልፉ ሲጫን ምንም አይሰማም። የባልዲው ውሃ ብቻ ሁለት ዲግሪ የማይሞላ ከፍ ይልና ይቆማል። የነዳጁ ሙቀት የሚሰላው ከዚያች ከፍታ ነው።

ውጤቱ ከተመዘገበ በኋላ ጋሼ ጋዙን ቀስ ብለው አስተነፈሱ፣ ክዳኑን ፈትተውም ገልብጠው አሳዩኝ። የክዳኑ ውስጥ በጠብታ ተሸፍኗል፤ ግድግዳውም ላይ ውሃ እየተንቆረዘዘ ይወርዳል።

«ይሄ መጀመሪያ ያደረጉት ውሃ ነው?» አልኳቸው።

«ያ ታች ነው ያለው፣ አንድ ሚሊ። ይሄኛው ከራሱ ከባጋሱ የወጣ ነው። ደርቆ ነው የገባው፤ ግን ሲነድ ውሃ ይወልዳል።»

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ደረቅ ባጋስ ውስጥ ውሃ የለም፤ ሃይድሮጅን ግን አለ፣ ከክብደቱ 5.8 በመቶ ያህል። ሃይድሮጅን ሲነድ ኦክስጅን ይዞ ውሃ ይሆናል፤ አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ዘጠኝ ኪሎ ውሃ ይወጣዋል። ስለዚህ የጋሼ አንድ ግራም ክኒን ከግማሽ ግራም በላይ ውሃ ወልዳለች። ያ ውሃ በእሳቱ ሰዓት ተን ነበር። ቦምቡ ወደ ክፍሉ ሙቀት ሲመለስ ደግሞ ወደ ጠብታ ተለወጠ። ተን ጠብታ ሲሆን፣ ለመትነን የወሰደውን ሙቀት መልሶ ይሰጣል፤ በ25 ዲግሪ ላይ በኪሎ 2,442 ኪሎጁል። ቦምቡ ይህንንም ሙቀት ወደ ባልዲው ይጥላል፣ ቴርሞሜትሩም ይቆጥረዋል። አስቀድማ የምትገባዋ አንድ ሚሊ ውሃም ለዚሁ ናት፤ ቦምቡ ውስጥ ያለው አየር ከመጀመሪያው በተን እንዲጠግብ፣ የሚወለደው ውሃ አንድም ሳይቀር ጠብታ እንዲሆን።

ስለዚህ ካሎሪሜትር የሚባለው የዚህ መሣሪያ ቁጥር ምንጊዜም ላይኛው የሙቀት ዋጋ ነው፤ የውሃው ተን ተመልሶ ውሃ ሆኖ፣ ያለው ሙቀት ሁሉ ተሰብስቦ። ቢሮ ውስጥ ግሮስ የሚሉት ይህን ነው። ታችኛው የሙቀት ዋጋ፣ ኔት የሚባለው፣ ውሃው ተን እንደሆነ ይሄዳል ብሎ ያን ሙቀት አስቀድሞ ይቀንሳል። ነዳጁ አንድ፣ እሳቱም አንድ ነው። ልዩነቱ ውሃው ሲሰናበት በምን መልክ ነው የሚለው ብቻ ነው።

የእኛ ጭስ ማውጫ ውስጥ ደግሞ ምን እንደሚሆን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ጭሱ የሚወጣው በ180 ዲግሪ ነው፤ ውስጡ ጠብታ የለም። ጠዋት ጠዋት ብርድ ሲሆን ከጭስ ማውጫው ጫፍ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚታየው ነጭ ደመና ያው የባጋሱ ውሃ ነው። ወደ ጠብታ የሚለወጠው ሰማይ ላይ ነው፤ ሙቀቱንም የሚሰጠው ለሰማዩ ነው። እርጥብ እንጨት ምድጃ ውስጥ ጫፉ ላይ አረፋ እያወጣ ሲንሿሿ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ እሳቱ ድስቱን ትቶ እንጨቱን ያፈላል።

16ቱ ነጥብ የት እንደሄደ

አሁን ለአንድ ኪሎ እርጥብ ባጋስ እንቁጠር። ግማሽ ኪሎው ከወፍጮው ይዞት የመጣው ውሃ ነው። ቀሪው ግማሽ ኪሎ ደረቅ ነገር ከሃይድሮጅኑ 0.26 ኪሎ ውሃ ይወልዳል። ሲደመር 0.76 ኪሎ። ከአንድ ኪሎ ባጋስ ሩብ ኪሎ የማይሞላ ሲቀር ሌላው ክብደት ያህል ውሃ በጭስ ማውጫው ይወጣል ማለት ነው። ይህን ሳውቅ እኔም ሁለት ጊዜ ነው የቆጠርኩት።

```
ውሃ        = 0.50 + 9 × 0.058 × 0.50 = 0.761 ኪሎ
የተን ሙቀት  = 0.761 × 2,442           = 1,858 ኪሎጁል
ታችኛው ዋጋ  = 9,350 − 1,858           = 7,492 ኪሎጁል
```

7,492ን ለ9,350 ሲያካፍሉት 0.80 ይመጣል። ያች ማታ ሙሉ ስታስቸግረኝ ያደረች 0.80 ይህች ናት። በ7,492 ሲሰላ 22 ቶን ባጋስ 164.8 ጊጋጁል ይሆናል፤ 139.5ም ከእሱ 84.6 በመቶው ነው። መሐንዲሱ ልክ ነበር፤ እኔም ልክ ነበርኩ።

ውሉን እንደገና አነበብኩት። ዋናው ገጽ ላይ «የቦይለር ብቃት 84 በመቶ» ይላል፤ ሌላ ምንም የለም። ከኋላ ያለው የቴክኒክ አባሪ ሰንጠረዥ ውስጥ፣ የባጋሱ እርጥበት 50 በመቶ ከሚለው መስመር ሥር፣ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት አሉ፤ ትርጉማቸው ታችኛው የሙቀት ዋጋ ነው። ሦስታችን ፈርመንበታል፤ ማናችንም አላየናትም። አቅራቢው ደብቋል ማለት አልችልም። የአውሮፓ የቦይለር ፈተና ደንብ በታችኛው ዋጋ ይሠራል፣ የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ደንብ ደግሞ በላይኛው። ያደግንበት መጽሐፍ ካንዱ ወገን፣ የተገዛው ቦይለር ከሌላው ወገን ሲሆን እንዲህ ያለ ጠብ አይቀርም።

ይህ በየነዳጁ የተለያየ ስፋት አለው። ከሰል ሃይድሮጅኑ አብዛኛው እንጨቱ ሲከስል ስለሄደ፣ ከደረቀ ሁለቱ ዋጋዎች ይቀራረባሉ። ናፍጣ ላይ ልዩነቱ ስድስት በመቶ ገደማ ነው፣ የተፈጥሮ ጋዝ ላይ አሥር። ፈርነስ የሚባለውን ወፍራም ጥቁር ነዳጅ ሲያነድድ የኖረ ሰው ስለዚህ ጉዳይ ሳያስብ ጡረታ ሊወጣ ይችላል፤ ቢሳሳትም የሚስተው በጥቂት ነጥብ ነው። እርጥብ ባጋስ ላይ ግን ሃያ በመቶ ነው፤ አብዛኛውም ከሃይድሮጅኑ ሳይሆን ከውሃው። የዚሁ የእኛ ባጋስ እርጥበት 88 በመቶ ቢደርስ ታችኛው ዋጋ ዜሮ ይሆናል። ካሎሪሜትሩ ግን ያኔም በኪሎ ከ2,000 ኪሎጁል በላይ አለው ይላል፤ ያ ሁሉ ሙቀት የራሱን ውሃ ለማትነን ብቻ የሚበቃ ነው።

ብቃት ከመቶ በላይ

ሥራ አስኪያጁ ጉዳዩን ሲሰሙ ሁለት ጥያቄ ጠየቁ። አንደኛው፣ «ታዲያ ያን ሙቀት መልሰን መያዝ አንችልም ወይ?» የሚል ነበር።

የሚያደርጉት አሉ። ሮተርዳም የሚኖር የአክስቴ ልጅ ቤቱ ውስጥ ያለውን የጋዝ ማሞቂያ ፎቶ አንሥቶ ልኮልኝ ያውቃል፤ ምልክቱ ላይ 107 ተጽፏል። «መቶ ሰባት በመቶ ብቃት እንዴት ይኖራል? እያታለሉን ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ያኔ መልስ አልነበረኝም። ማሞቂያው ጭሱን ከራዲያተር በሚመለስ ለብ ያለ ውሃ አቀዝቅዞ ተኑን ጠብታ ያደርገዋል፤ ጠብታውም በቀጭን ቱቦ ወደ ፍሳሽ ይወርዳል። ብቃቱ የሚካፈለው ለታችኛው ዋጋ ስለሆነ፣ ያልተቆጠረው ሙቀት ሲገኝ ውጤቱ መቶን ያልፋል። ለተፈጥሮ ጋዝ ጣሪያው 111 አካባቢ ነው። በላይኛው ዋጋ ቢቆጥሩት ያው 107 ወደ 96 ይወርዳል፣ ግርምቱም ይጠፋል።

ለእኛ ግን አይሆንም። የእኛ ጭስ ውስጥ ያለው ተን ጠብታ መሆን የሚጀምረው 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ወደ ቦይለሩ የሚገባው ውሃ ደግሞ 105 ነው፤ 105 ዲግሪ በሆነ ውሃ ጭስን ወደ 60 ማውረድ አይቻልም። በሌላ ቀዝቃዛ ውሃ ብናወርደውም የምናገኘው ለብ ያለ ውሃ ነው፤ እሱ ደግሞ ስኳር ፋብሪካ ውስጥ የሚጣልበት እንጂ የሚፈለግበት ቦታ የለውም። ክረምቱን ሙሉ ቤት የሚያሞቅ አገር ያንን ሙቀት ይገዛል፤ ቆላ ላይ ያለ ፋብሪካ አይገዛም።

ሁለተኛው ጥያቄያቸው ግን የዋዛ አልነበረም። «እሺ፣ ቦይለሩ ጥሩ ነው። ባጋሱ ለምን ያጥረናል?»

ውሃው የማን ነው

እውነት ነው፣ ያጥረን ነበር። አንዳንድ ሽፍት ላይ የእንፋሎቱ ግፊት ይወርድና ፈርነስ እንጨምራለን። የቦይለር ክፍሉ በታችኛው ዋጋ ሲለካ ግን ሁልጊዜ 84 እና ከዚያ በላይ ነው። ችግሩ የት እንዳለ የገባኝ የእርጥበቱን መዝገብ በየሽፍቱ ስከፍለው ነው። አንዳንዱ ሽፍት 50 ላይ ነው፤ አንዳንዱ 52።

ሁለት ነጥብ ምን ታደርጋለች? የተፈጨው አገዳ ያው ነው እንበል፤ በሰዓት 11 ቶን ደረቅ ባጋስ ይወጣል። በ50 በመቶ እርጥበት ከላይ እንዳየነው 50 ቶን እንፋሎት ይገኛል። በ52 ግን ያው 11 ቶን ተጨማሪ ወደ 900 ኪሎ ውሃ ተሸክሞ ይገባል። ያንን ውሃ ማትነንና እስከ 180 ዲግሪ ማሞቅ እሳቱ ይከፍላል፤ እንፋሎቱም ወደ 49.1 ቶን ይወርዳል። በሰዓት 900 ኪሎ እንፋሎት ትንሽ ይመስላል። በፈርነስ እንተካው ከተባለ ግን በቀን አንድ ቶን ከሰባት መቶ ኪሎ በላይ ይፈልጋል።

ይህ ኪሳራ በሁለቱ ዋጋዎች እንዴት እንደሚታይ ሳነጻጽር ነው ጉዳዩ ሙሉ በሙሉ የተገለጠልኝ። በላይኛው ዋጋ የ11 ቶኑ ሙቀት አይለወጥም፤ ውሃ ቢጨመርበትም ባይጨመርበትም 205.7 ጊጋጁል ነው። ስለዚህ ብቃቱ ከ67.8 ወደ 66.6 ይወርዳል፤ እንፋሎቱ በቀነሰበት ልክ። በታችኛው ዋጋ ግን የውሃው ማትነኛ ከነዳጁ ሙቀት ላይ አስቀድሞ ስለሚቀነስ፣ እንፋሎቱ ሲያንስ የሚካፈልበት ቁጥርም አብሮ ያንሳል። ብቃቱ ከ84.6 ወደ 84.3 ብቻ ይንቀሳቀሳል። ይህን ደግሞ ማንም ሽፍት የመለኪያ ስህተት ነው ብሎ ያልፈዋል። ከጠፋው ሙቀት ዘጠኝ አሥረኛው ያህል ስሌቱ ውስጥ ተውጦ ይቀራል።

በእኔ አስተያየት አቅራቢው በታችኛው ዋጋ ዋስትና መስጠቱ ተገቢ ነው። ቦይለሩ ውሃውን አላመጣውም፤ ያመጣው የመጨረሻው ወፍጮ ነው። ሮለሩ ሲበላ፣ ጥርሱ ሲደንዝ፣ የሚረጨው ውሃ ሲበዛ ባጋሱ ይረጥባል። ለዚያ ቦይለር ሠሪን መክሰስ፣ ጤፉ ከወፍጮ ቤት ሳይነፋ ቢመጣ ምጣዱን እንደመውቀስ ነው። ፋብሪካው ግን የራሱን ኪሳራ በዚያው ዓይን ማየቱ ስህተት ነው። የፋብሪካው ጥያቄ ቦይለሩ ጥፋተኛ ነው ወይ አይደለም፤ ከገባው አገዳ ምን ያህል እንፋሎት አገኘሁ ነው። ለዚህ ላይኛው ዋጋ ይሻላል፣ ውሃውን አይደብቅምና።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የደረቀውን ባጋስ ላይኛውን ዋጋ ካሎሪሜትሩ በቀጥታ ይሰጣል፤ ታችኛውን ግን ማንም አይለካውም፣ ተቀንሶ ነው የሚገኘው። ስለዚህ በእርጥበቱ ናሙና ላይ ተንጠልጥሏል። እኛ ናሙናውን የምንወስደው ከቀበቶው ላይ ነበር፤ ከረጢቱ ሳይታሰር ላብራቶሪ እስኪደርስ በቆላ ፀሐይ ይደርቃል። እርጥበቱ ከእውነተኛው አንሶ ሲመዘገብ የነዳጁ ዋጋ ከፍ ይላል፣ ቦይለሩም ያለጥፋቱ ሰነፍ ይመስላል። አሁን ክዳን ባለው ቆርቆሮ ነው የሚመጣው፤ የሚመዘነውም ወዲያው ነው።

ደብዳቤው ተቀደደ፣ ክፍያውም ተለቀቀ። የዕለቱ ሪፖርት ላይ የቦይለር ብቃት የሚለው አንድ ዓምድ ሁለት ሆነ፤ አንዱ ግሮስ አንዱ ኔት፤ ከጎናቸውም የባጋሱ እርጥበት ከሽፍቱ ስም ጋር። ጋሼ በበኩላቸው የካሎሪሜትሩ መዝገብ ላይ፣ ከቁጥሩ አጠገብ፣ በቀይ እስክሪብቶ «ግሮስ» ብለው መጻፍ ጀመሩ።

ሪፖርቱ በአዲሱ መልክ ከወጣ ሳምንት ሳይሞላው የወፍጮ ክፍል ኃላፊው ቢሮዬ መጣ። ቁጭ አላለም። «ወንድሜ፣ ይቺን አዲሷን ዓምድ ማን ነው ያመጣት?» አለኝ። «ድሮ እንፋሎት ሲጎድል ቦይለር ነበር የሚጠየቀው።»